ኮልፌን ላላየ ሰው የሚጻፍ ኢሜይል

ከኮልፌ አጠና ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ሰውን መጀመሪያ የሚቀበለው የመጋዝ ጩኸት ነው፤ ቀጥሎ የቲነር ሽታ ይመጣል። ከብረቱ በር ጀርባ ያለው ግቢ በሦስት የተከፈለ ነው። ከፊት ሶፋና ቁም ሳጥን ለገዢ የሚታይበት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ፣ ከመሀል ማሽኖቹ የተተከሉበት የብሎኬት ወርክሾፕ፣ ከኋላ ደግሞ ስፖንጅና ጣውላ የሚከማችበት የቆርቆሮ መጋዘን። ባለቤቱ አዲስ ማሽን ለመጨመር ባንክ ብድር ፈቅዶላቸዋል። ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን በዋስትና የተያዘው ንብረት የእሳት መድን ከተገባለት በኋላ ነው።

«ልጄ፣ እስከ ዓርብ ዋጋው ካልመጣ ማሽኑን ለሌላ ሰው ይሸጡታል» ይላሉ ባለቤቱ።

«እንዲደርስ ከፈለጉ ጋሼ፣ ዛሬ ሁለት ሰዓት ይስጡኝና ግቢውን አብረን እንዙረው» ትላቸዋለች የመድን ብሮከሯ።

ይህ ግቢ የአንድ ድርጅት አይደለም። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በብዛት ከሚታዩት የእንጨት ሥራ ቤቶች ተውጣጥቶ ለማሳያ የቀረበ ነው፤ የምንጠቅሳቸው የንብረት ዋጋዎችም ለስሌት የተመረጡ ናቸው። አሠራሩና ችግሩ ግን የእውነት ነው። አንድ ብሮከር ከዚህ ግቢ ወጥቶ ለመድን ድርጅት የሚልከው ኢሜይል፣ ዋጋው በሁለት ቀን መምጣቱን ወይም ሦስት ሳምንት መፍጀቱን ይወስናል።

የተለመደው ኢሜይል አጭር ነው። «ደንበኛችን የቤት ዕቃ አምራች ስለሆነ ለእሳት መድን ዋጋ እንዲላክልን እንጠይቃለን» ይልና የንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር ቅጂ ይያያዝበታል። ከዚያ ስልክ መደወል ይጀመራል። በማግስቱ «ግድግዳው ከምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ብሮከሩ ለደንበኛው ይደውላል፤ ደንበኛው መስክ ነው። መልሱ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል። ቀጥሎ «ቀለም የሚረጨው የት ነው?» ይባላል፤ ከዚያ «ከጎረቤት ያለው ርቀት ስንት ነው?»፤ ከዚያ «ከዚህ በፊት ቃጠሎ ደርሶ ያውቃል?»። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበላል። ብዙ ብሮከሮች በዚህ ጊዜ የመድን ድርጅቱን ዳተኝነት ይወቅሳሉ። በእኔ እይታ ግን ከጠፋው ጊዜ አብዛኛው የጠፋው ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ነው፤ ግቢው በሚገባ ሳይታይ በቀረበት ሰዓት።

በወዲያኛው ጫፍ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኢሜይሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ቅርንጫፍ ላይ ያለ አንደርራይተር ዘንድ ነው፤ ይህ ሰው አደጋውን መዝኖ ዋጋና ቅድመ ሁኔታ የሚያወጣው ባለሙያ ነው። ቅርንጫፉ በራሱ ሥልጣን የሚወስነው እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ ነው። ንብረቱ ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም ሥራው እንደ እንጨት፣ ስፖንጅና ነዳጅ ቶሎ የሚቀጣጠል ከሆነ ፋይሉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ዋናው መሥሪያ ቤትም ብቻውን ሊሸከመው ካልቻለ አደጋውን ለጠለፋ ዋስትና ሰጪዎች ማካፈል አለበት። ያ ማለት ጉዳዩ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ ወደጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ ዋስትና ሊሄድ፣ ወይም ናይሮቢ ወዳሉት የአፍሪካ ሪና የዜፕ ሪ ቢሮዎች ሊሻገር ይችላል።

እንግዲህ የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው ሰው አጠና ተራን ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በእጁ ያለው ብሮከሯ የጻፈችው ገጽ ብቻ ነው። ቅርንጫፉ ኢሜይሉን አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ ላይ ማስተላለፍ ከቻለ ሥራው ይፈጥናል። እንደ አዲስ መጻፍ ካለበት ግን ከጠረጴዛው ጥግ ይቀመጣል፤ ከአጠገቡ የተሟላ ፋይል እያለ ጎዶሎውን የሚያስቀድም አንደርራይተር የለም።

የብሮከሯ ዙረት የሚጀምረው ከሕንፃው አካል ነው። «ብሎኬት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የፊተኛው ሕንፃ ዓምዱና ጣሪያው ኮንክሪት ነው፤ ወርክሾፑ በብሎኬት ግድግዳ ላይ በብረት የተያዘ ቆርቆሮ ለብሷል፤ መጋዘኑ ደግሞ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። እነዚህ ሦስቱ በእሳት ፊት አንድ አይደሉም። ቆርቆሮው ራሱ ባይነድም አጠናው ይነዳል፤ ያልተሸፈነ ብረትም ሲግል ይለመጥና ጣሪያውን ይዞት ይወርዳል። ኮርኒሱም ከምን እንደተሠራ መጻፍ አለበት። ከውጭ ሲታይ ኮንክሪት የሆነ ሕንፃ ከውስጥ በቺፕውድ ኮርኒስና ክፍልፋይ የታጠረ ከሆነ ለእሳቱ መንገድ ተሠርቶለታል ማለት ነው። በየአዳዲሱ መጋዘን የሚታየው ሳንድዊች ፓናልም መሀሉ ምን እንደሆነ ካልተገለጸ አንደርራይተሩ የከፋውን ይገምታል፤ መሀሉ ፎም የሆነ ፓናል እሳቱን በሁለት ቆርቆሮ መካከል ደብቆ ስለሚያዛምት ውኃ አያገኘውም።

ከዚያ በግቢው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይታያል። «የቤት ዕቃ ማምረቻ» የሚለው ስም የንግድ ፈቃድ ቋንቋ ነው፤ እሳት የሚነሳባቸውን ቦታዎች አይናገርም። በእንጨት ሥራ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰጋቱራው ነው። በየቀኑ ይጠረጋል? የት ይከማቻል? ማን ይወስደዋል? ደቃቁ ብናኝ በሞተርና በመብራት ቆጣሪ ሳጥን ላይ ሲተኛ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። የአቧራ መምጠጫ ካለ የትኞቹ ማሽኖች ላይ እንደተገጠመ ይጻፍ። ሁለተኛው ማጣበቂያውና ስፖንጁ ነው። ሶፋ የሚሠራበት ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን በጥቁር ጭስ ይሞላዋል፤ ማስቲሹ ደግሞ ሲደርቅ ተቀጣጣይ ትነት ይለቃል።

ሦስተኛውና ዋናው ቀለም የሚረጭበት ቦታ ነው። በዚህ ግቢ ቫርኒሽ የሚረጨው ከወርክሾፑ ጥግ በፕላስቲክ መጋረጃ በተከለለ ቦታ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ከመጋረጃው ሥር ይወጣና አሥር እርምጃ ርቆ ያለ መፍጫ ማሽን ወይም ብየዳ ጋ ሊደርስ ይችላል። እሳቱ የሚነሳው ቲነሩ ካለበት ሳይሆን ትነቱ ከደረሰበት ነው። ብሮከሯ እዚህ ጋ ቆማ አራት ነገር ትጽፋለች፦ በቀን ስንት ሊትር ቲነር ከመጋዘን እንደሚወጣ፣ የቀረው የት እንደሚቀመጥ፣ የአየር ማስወጫው ወዴት እንደሚተፋ፣ እና በአካባቢው ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ተራ ይሁን ብልጭታ የማያስወጣ። ይህ ክፍል ከተዘለለ ኢሜይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተመልሶ ይመጣል፤ የእንጨት ሥራ ቤትን የሚያውቅ አንደርራይተር ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የዘበኛ ቤቱም አይታለፍም። በጀነሬተሩ አጠገብ የናፍጣ በርሜል፣ በዘበኛው ክፍል የከሰል ማንደጃና የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። «ሌሊት ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። ሠራተኛው ሲወጣ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል? ማን ያጠፋዋል? ዘበኛው የማጥፊያ ሲሊንደር መጠቀም ያውቃል? 939 ደውሎ ሰፈሩን ማስረዳት ይችላል?

ባለቤቱ ስምንት የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮች ማስገዛታቸውን በኩራት ያሳያሉ። ብሮከሯ ግን ከእያንዳንዱ አንገት ላይ ያለውን ካርድ ታነባለች። ከስምንቱ ሦስቱ የአገልግሎት ጊዜያቸው አልፏል፤ ሁለቱ ደግሞ ከተደረደረ ኮምፔንሳቶ ጀርባ ናቸው። በኢሜይሉ «8 ሲሊንደር አለ» ብላ ብትጽፍ ውሸት አይሆንም ነበር። እርሷ የምትጽፈው ግን «8 ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ሲሊንደር፤ 5ቱ በጊዜያቸው የተሞሉ፣ 3ቱ ዛሬ ለመሙላት የተላኩ» ብላ ነው። የውኃውም ነገር እንዲሁ፦ ሮቶው 10,000 ሊትር ይይዛል፣ የእሳት ቱቦ ግን አልተገጠመለትም። ቱቦ የሌለው ሮቶ ለመታጠቢያ እንጂ ለእሳት አይቆጠርም።

ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ ያለው ይታያል። በስተግራ መኖሪያ ቤት፣ በስተቀኝ ሌላ የእንጨት ቤት፣ ከኋላ ባዶ ቦታ። የሚያስገባው መንገድ ስፋት በሜትር ይለካል፤ የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ መዞር የሚችል መሆኑም ይገለጻል። ይህን ጥያቄ ቀላል አድርጎ የሚያይ ካለ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የሆነውን ያስታውስ። ተጠጋግተው በተሠሩ ሱቆች መካከል እሳቱ ሲዛመት የመንገዶቹ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ ክፉኛ አስቸግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመርካቶ እስከ ኮልፌ ባለው የንግድ ቀጠና ስለ መንገድና ስለ ጎረቤት ሳይጠይቅ ዋጋ የሚሰጥ አንደርራይተር ማግኘት ይከብዳል፤ አለመገኘቱም ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ኢሜይሎች የሚሰናከሉት፣ የከፋው ደግሞ ሳይሰናከሉ አልፈው ደንበኛውን የሚጎዱት እዚህ ነው።

ባለቤቱ መጀመሪያ የነገሯት «ግቢው 90 ሚሊዮን ያወጣል፤ ማሽኑ በስድስት ሚሊዮን የተገዛ ነው፤ ዕቃው ደግሞ እንደ ጊዜው ነው» ብለው ነው። ሦስቱም መልሶች አይሠሩም። ዘጠና ሚሊዮኑ የቦታውን ዋጋ ጨምሮ ገዢ የሚከፍለው ነው። መሬት አይቃጠልም። የእሳት መድን የሚጠይቀው ሕንፃዎቹ ቢወድሙ ፍርስራሹን አንስቶ በዛሬ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ነው። በመሐንዲስ ሲገመት ፊተኛው ሕንፃ 24፣ ወርክሾፑ 14፣ መጋዘኑ 2 ሚሊዮን፣ በድምሩ 40 ሚሊዮን ብር ሆነ። በ90 ሚሊዮን ተገብቶ ቢሆን ባለቤቱ ፈጽሞ ለማይከፈላቸው 50 ሚሊዮን አረቦን ሲከፍሉ ይኖሩ ነበር።

ማሽኑ የተገላቢጦሽ ነው። ማሽኖቹ የተገዙት የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመለወጡ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ያው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሮከሯ ለተመሳሳይ ማሽኖች ፕሮፎርማ ስታሰባስብ 15 ሚሊዮን ብር መጣ። በመዝገቡ 6 ሚሊዮን ተብሎ ቢገባና ሙሉ ውድመት ሳይሆን የ4 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ ባለቤቱ «ከስድስቱ ውስጥ አራቱን ይከፍሉኛል» ብለው ይጠብቃሉ። ነገር ግን ንብረት ከዋጋው በታች ሲገባ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። ስድስት ለአሥራ አምስት 40 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ከ4 ሚሊዮኑ የሚከፈለው 1.6 ሚሊዮን ይሆናል። ቀሪው 2.4 ሚሊዮን ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ በየዓመቱ በድሮው አኃዝ የሚታደሱ ፖሊሲዎች ሁሉ ይህ ቀዳዳ አለባቸው፤ በአዲስ ውል ላይ ደግሞ ይህን ይዞ መግባት የብሮከሩ ጥፋት ነው።

ይህ ከፍጥነቱ ጋር ምን ያገናኘዋል? አንደርራይተሩ አራት ወይም አምስት ትልልቅ ማሽኖች በፎቶ አይቶ በጠቅላላው 6 ሚሊዮን የሚል ሲያነብ ሌሎቹንም አኃዞች መጠርጠር ይጀምራል። «ግምቱ ከየት መጣ?» ብሎ ይጽፋል፤ ፋይሉም ይቆማል። ከእያንዳንዱ አኃዝ ጎን «በመሐንዲስ ግምት»፣ «በፕሮፎርማ»፣ «በቆጠራ» የሚል ቃል መኖሩ ብቻ ያንን ጥያቄ ያስቀረዋል።

ዕቃው «እንደ ጊዜው» መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጊዜው ይታወቃል። ጥር የሰርግ ወር ነው። ከኅዳር ጀምሮ አልጋና ቁም ሳጥን ይከማቻል፣ ስፖንጅም በብዛት ይገባል። በክረምት 12 ሚሊዮን የሚሆነው ክምችት በታኅሣሥ 20 ሚሊዮን ይደርሳል። ኢሜይሉ ሁለቱንም ይናገር፤ የሚገባበት መጠን ግን ከፍተኛው ነው። እሳቱ ለክረምት ይሁን ለሰርግ ወር እንደሚጠብቅ ማንም ዋስ አይሆንም። አዲሱ ማሽን 9 ሚሊዮን ሲጨመር ማሽኖቹ 24፣ ሕንፃው 40፣ ዕቃው 20 ሆኖ ጠቅላላው 84 ሚሊዮን ብር ይመጣል።

ነገር ግን አንደርራይተሩ ከ84ቱ ይልቅ የሚጨነቀው በአንድ እሳት ሊጠፋ ስለሚችለው ነው። መጋዘኑ ከወርክሾፑ ሁለት ሜትር ቢርቅም ስፖንጅ ሲነድ ሁለት ሜትር ክፍተት አያስቆመውም፤ እነዚህ እንደ አንድ ይታያሉ። ወርክሾፑና ፊተኛው ሕንፃ ግን እስከ ኮንክሪት ጣሪያው በሚዘልቅ የብሎኬት ግድግዳ ተለያይተዋል። በግድግዳው ላይ አንድ የእንጨት በር አለ፤ ሶፋ የሚወጣበት። ያቺ በር እስካለች ድረስ ግድግዳው እንደሌለ ይቆጠራል፤ በአንድ እሳት የሚጠፋውም 84 ሚሊዮን ይሆናል።

«ይቺን በር በብሎኬት ቢዘጓት፣ ዕቃውም በግቢው ዞሮ ቢወጣስ ጋሼ?»

ባለቤቱ ትንሽ ያስባሉ። «ከነገ ወዲያ ግንበኛ አመጣለሁ።»

ይህች ውሳኔ ኢሜይሉን ለወጠችው። ኋለኛው ክፍል ከነማሽኑና በውስጡ ካለው የ14 ሚሊዮን ብር ዕቃ ጋር 54 ሚሊዮን፣ ፊተኛው ሕንፃ ከ6 ሚሊዮን ብር ዕቃው ጋር 30 ሚሊዮን ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ለመድን ድርጅቱ በ84 እና በ54 መካከል ያለው ልዩነት ጉዳዩን በራሱ አቅም መሸከሙንና ወደ ጠለፋ ዋስትና ተጨማሪ ጥያቄ መላኩን ሊለይ ይችላል። ያም የሁለት ቀንና የሁለት ሳምንት ልዩነት ነው። ጥሩ ብሮከር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፦ የደንበኛውን ግቢ ከመግለጽ አልፎ ያሻሽለዋል።

ያለፈ ጉዳት ሲጠየቅ ባለቤቱ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከሦስት ዓመት በፊት በቀለሙ ጥግ ትንሽ እሳት ተነስቶ ሠራተኞቹ አጥፍተውታል፤ መድን ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም። «ይሄ ምን ይጻፋል?» ይላሉ። ይጻፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 ሆን ብሎ መደበቅን ወይም ሐሰት መናገርን ውሉን ዋጋ የሚያሳጣ ምክንያት ያደርገዋል። ዛሬ የተደበቀችው ትንሽ እሳት ነገ ትልቁ እሳት ሲመጣ በጉዳት መርማሪ እጅ ትወጣለች፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃታልና። ከሕጉም ሌላ ተራ የሥራ ምክንያት አለ። አምስት ዓመት ሙሉ «ጉዳት የለም» የሚል የእንጨት ሥራ ቤት ጥርጣሬ ይጭራል። «የደረሰው ይህ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማጨስ ተከልክሎ ሽቦው ተቀይሯል» የሚል መልስ ግን ሁለተኛ ጥያቄ አያስከትልም። በእርግጥ ምንም ካልደረሰም ቦታው ባዶ አይተው፤ «በአምስት ዓመት ውስጥ ምንም ጉዳት አልደረሰም» ተብሎ ደንበኛው ይፈርምበት። ሌላ መድን ድርጅት ከዚህ በፊት አልቀበልም ብሎ ከሆነም ይነገር።

መጥፎው ዜና በኢሜይሉ ውስጥ የት ይቀመጥ? ብዙዎች ከአባሪዎች መጨረሻ ላይ ይሸሽጉታል። አንደርራይተር አባሪ ያነባል፤ እዚያ ሲያገኘው ከፊት የተጻፈውን መልካም ነገር ሁሉ ይጠራጠራል። ከላይ፣ ከማስተካከያው ጋር ቢቀመጥ ግን ብሮከሩ የራሱን ደንበኛ እንደሚያውቅ ያሳያል።

የመጨረሻው የሚጠየቀው ሽፋን ራሱ ነው። «የእሳት መድን» ሲባል መሠረታዊው ውል እሳትና መብረቅ ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አድማና ረብሻ፣ የውኃ ቱቦ መፈንዳት እየተጠየቁ የሚጨመሩ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ስለዚህ ይህን ሽፋን መፈለግ ወይም አለመፈለግ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኦሮሚያ ፋብሪካዎች የተቃጠሉበት ጊዜም ተራው የእሳት ውልና የፖለቲካ ሁከት ሽፋን የተለያዩ መሆናቸውን ለብዙ ባለሀብት በመራራ መንገድ አስተምሯል። ባንኩም በብድር ደብዳቤው ላይ የሚፈልጋቸውን ሽፋኖች ሊዘረዝር ስለሚችል ደብዳቤው ከመነበቡ በፊት ኢሜይሉ መላክ የለበትም።

ብሮከሯ ማታ ቢሮዋ ተቀምጣ የጻፈችው ይህን ነው። የርዕሱ መስመር «አዲስ የእሳት መድን፦ የቤት ዕቃ ማምረቻ፣ ኮልፌ አጠና ተራ፣ 84 ሚሊዮን ብር፣ መልስ እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት» ይላል። ውስጡ እንዲህ ነው፦

«ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ዋጋና ቅድመ ሁኔታ እንድትልኩልን እንጠይቃለን፤ ደንበኛው ለባንክ ዓርብ ማቅረብ አለባቸው። ሽፋኑ ለአንድ ዓመት፣ እሳትና መብረቅ ከጎርፍ፣ ከማዕበል፣ ከመሬት መንቀጥቀጥና ከአድማና ረብሻ ጋር። የፖለቲካ ሁከት ሽፋን ለብቻው ዋጋ ይሰጥበት። አበዳሪው ባንክ የካሳ ተከፋይ ሆኖ ይመዘገባል።

ንብረቱ፦ ሕንፃ 40 ሚሊዮን (በመሐንዲስ ግምት)፣ ማሽን 24 ሚሊዮን (በፕሮፎርማ)፣ ዕቃ 20 ሚሊዮን (በቆጠራ፤ የታኅሣሥ ከፍተኛ መጠን)። በአንድ እሳት ሊጠፋ የሚችለው በእኛ ግምት 54 ሚሊዮን ነው፤ ምክንያቱ በንድፉ ላይ ተመልክቷል።

እንድታውቁልን የምንፈልገው፦ ቫርኒሽ የሚረጨው በወርክሾፑ ውስጥ በመጋረጃ በተከለለ ጥግ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ትንሽ እሳት ተነስቶ ያለ ውጭ እርዳታ ጠፍቷል። ደንበኛው በ60 ቀን ውስጥ በብሎኬት የታጠረና የአየር ማስወጫ ያለው ክፍል ለመሥራት በጽሑፍ ተስማምተዋል። ወርክሾፑን ከፊተኛው ሕንፃ የሚያገናኘው በር በዚህ ሳምንት በብሎኬት ይዘጋል፤ ፎቶውን እንልካለን። ለእሳት የሚሆን የውኃ ቱቦ የለም። ከሲሊንደሮቹ 3ቱ ለመሙላት ተልከዋል።

ግቢውን እኔው ዛሬ ዞሬ አይቻለሁ። ሰርቬየር መላክ ከፈለጋችሁ ነገ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት በሩ ክፍት ነው፤ የሚያስጎበኘው ሰው ስልክ ከታች አለ።»

ከሥሩ የተፈረመ የማመልከቻ ቅጽ፣ የንብረት ዝርዝር፣ የግቢው ንድፍ ከነርቀቱ፣ የጉዳት ታሪክ፣ የባንኩ ደብዳቤ ቅጂና አሥር ፎቶዎች ተያይዘዋል። በሥራው ዓለም እነዚህ ሰነዶች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ ይዘታቸው ግን ያው ነው። ንድፉ በእጅ ተሥሎ በስልክ ቢነሳም ይሠራል፤ ዋናው በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሜትርና የእያንዳንዱ ግድግዳ ዓይነት መጻፉ ነው። ፎቶዎቹ ከስልክ እንደወጡ በቁጥር ብቻ አይላኩ፤ «ቀለም መርጫ ጥግ»፣ «ዋና የመብራት ሳጥን»፣ «የኋላ አጥር» ተብለው ይሰየሙ። የመሸጫውን ክፍል የሚያሳዩ ስምንት ያማሩ ፎቶዎች ከአንድ የመብራት ሳጥን ፎቶ ያንሳሉ። በሰፈሩ የቤት ቁጥር ይዞ ቦታ ማግኘት ስለሚያስቸግር የካርታ ነጥቡም ይያያዝ፤ ሰርቬየሩ በስልክ እየተመራ ግማሽ ቀን እንዳይጨርስ። ፋይሎቹ ሲደመሩ ከብደው ኢሜይሉ እንዳይመለስ ፎቶዎቹን ማሳነስም ያስፈልጋል። ኢሜይሉ ሳይደርስ መቅረቱን ብሮከሩ የሚያውቀው ሁለት ቀን ጠብቆ ሲደውል ነው።

ይህንኑ ኢሜይል ለስንት ድርጅት መላክ ይገባል? ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው፤ ግን ለሁሉም አንድ ቃል። ለአንዱ ማሽኑን በ15፣ ለሌላው በ24 አድርጎ መላክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስንፍና ነው። ጉዳዩ ወደ ጠለፋ ዋስትና ከደረሰ ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። አኃዞቹ ሲጋጩ የጠለፋ ዋስትና ሰጪው ሁለቱንም ይመልሳል፤ ባለቤቱም ዓርብን በባዶ እጅ ያገኙታል።

ሐሙስ ዋጋው ሲመጣ አብረው የሚመጡ ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፦ በሩ መዘጋቱ ይረጋገጥ፣ ቀለም ክፍሉ በ60 ቀን ይለቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለቤቱ ራሳቸው የሚሸከሙት ተቀናሽ ይህን ያህል ይሁን። ብሮከሯ ከአረቦኑ በፊት እነዚህን ለባለቤቱ አንብባ ማስረዳት አለባት፤ በ61ኛው ቀን መጋረጃው እዚያው ካለና እሳት ከተነሳ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ አንቀጽ ነው። በኢሜይል የመጣ ዋጋ ደግሞ ገና ሽፋን አይደለም። ባለቤቱ መቀበላቸውን በጽሑፍ እስኪያሳውቁ፣ አረቦኑን እስኪከፍሉና መድን ድርጅቱ ሽፋኑ የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ እስኪያረጋግጥ ድረስ በዚያ ግቢ የሚነሳ እሳት የባለቤቱ ብቻ ነው።